ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የ«ለውጡልን» ደብዳቤ

ሐሙስ ጧት ፈዲላ የላይኞቹን መደቦች ስታይ ትዕግሥቷ እዚያው አለቀ። የታችኞቹ፣ ወደ ሐይቁ የቀረቡት፣ ደህና ናቸው። የላይኞቹ አሥራ ሁለት መደቦች ግን ቅጠላቸው ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አንዱን ሽንኩርት በጣቷ ቀና ብታደርገው ተመልሶ ተኛ። ሐይቁ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ከእግሯ ሥር ተዘርግቶ ያብረቀርቃል። ያን ሁሉ ውሃ እያዩ ሽንኩርት በጥም ሲሞት እንደማየት የሚያንገበግብ ነገር አለ? ወላሂ የለም።

«እስከ ነገ ካልጠጡ አለቁ!» አለች ጮክ ብላ። የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም። ባሏ አብደላ ታች ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ጭል ጭል የምትለዋን ውሃ እንደ ታማሚ ልጅ ይጠብቃል።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ማጣሪያው ወለቀና ፓምፑ ድንጋይ ዋጠ። ውስጡ የሚሽከረከረው፣ ኢምፔለር የሚሉት ባለ ክንፍ ብረት፣ ሁለት ክንፉ ተሰበረ። ውሃውን የሚገፋው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ቢጮህ ቢያጓራ ዋጋ የለውም። ሐይቅ ከተማ ተፈለገ፣ ጠፋ። ደሴም ተጠየቀ፣ እዚያም የለም። በመጨረሻ አብደላ ቅዳሜ ዕለት ውጫሌ ወጣ፤ ፓምፑን ራሱን የገዙበት የዘይኑልአቢዲን መለዋወጫ መደብር ሄዶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ኢምፔለር ይዞ ፈገግ እያለ ተመለሰ።

እሁድ መካኒኩ ወንዱ መጣ። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አሰረ። ጥርሱ ልክክ አለ፤ ሲያዩት ምንም እንከን የለውም። ሞተሩ ተነሳ፣ ጮኸ፤ ውሃው ግን ከቱቦው አፍ ላይ ትፍ ትፍ ብሎ ቀረ። ወንዱ መልሶ ፈታው፤ አሮጌውንና አዲሱን አንዱን ባንዱ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ነቀነቀ።

«እትዬ ፈዲላ፣ ይሄ የባለ ሁለት ኢንች ፓምፕ ነው። የእናንተ ባለ ሦስት ነው። ይሄ ውስጡ ገብቶ ዙሪያውን ክፍት ሆኖ ይዞራል፣ ውሃውን አይገፋም።»

«ታዲያ እንዴት ገባ?»

«የሁለቱም ሞተር አንድ ዓይነት ነው፤ ስድስት ነጥብ አምስት ፈረስ ጉልበት። ዘንጉም ጥርሱም አንድ ነው። የሚለየው ስፋቱ ነው።»

ፈዲላ ወደ ባሏ ዞረች። «ምን ብለህ ነው የጠየቅከው?»

«ባለ ስድስት ነጥብ አምስቱን ስጡኝ አልኩ። ሞተሩ ላይ የተጻፈው እሱ ነው» አለ አብደላ፣ ጺሙን እያሻሸ።

«እነሱስ ስንት ኢንች ነው ብለው አልጠየቁህም?»

«አልጠየቁኝም። ተጣድፈው ነበር መሰለኝ፣ ምስኪኖች።»

ምስኪኖች! ፈዲላ ሦስት ጊዜ አስተግፊሩላህ አለች። ከዚያ እንደ ሰው ማሰብ ጀመረች። ስልኳን አወጣች፤ የውጫሌውን ደረሰኝ መሬት ላይ ዘረጋች፤ አሮጌውን ኢምፔለር ከነስብራቱ ደረሰኙ ላይ አስቀመጠችና ፎቶ አነሳችው። ፎቶውን ካነሳች በኋላ ወንዱ የተሰበሩትን ክንፎች በብረት ማጣበቂያ ለጥፎ አሮጌውን መልሶ ገጠመው። «ይንፏቀቅላችኋል እንጂ አይሮጥም፤ የታችኛውን መደብ ያጠጣ ይሆናል፣ ወደ ላይ ግን አይገፋም። ዳግመኛ ከፈታችሁትም ተበተነ በሉት» አለ። ስለዚህ አሮጌውን ይዞ ውጫሌ መሄድ የማይሆን ነገር ሆነ። ያለው ፎቶው ብቻ ነው።

ሰኞ አብደላ ደወለ። ሻጩ ካሊድ የሚባል ወጣት ነው። «ባለቤቱ የሉም፤ የተሸጠ ዕቃ ያለሳቸው ፈቃድ አይለወጥም። ደብዳቤ ጻፉና የድሮውን ዕቃ ፎቶ አያይዛችሁ ላኩ፤ ሲመጡ አይተው ይወስናሉ» አለ። በስልክ እንዳይልኩት ኢንተርኔቱ ከጠፋ ከርሟል።

«ባለቤቱ ሲመጣ ሂድና ራስህ ንገረው» አለች ፈዲላ።

«እንዴት ብዬ? ዘይኑልአቢዲን እኮ አባቴ የሞተ ጊዜ ከውጫሌ ድረስ መጥቶ ቀብሯል። ዛሬ ፊቱ ቆሜ ‘ተሳስተሃል’ ልበለው? ደብዳቤው ይሻላል።»

«እሺ ጻፍ። እኔ ልንገርህ፤ ‘ያልሆነ ዕቃ ሰጥታችሁናል፤ የኛ ባለ ሦስት ኢንች ነው፤ ለውጡልን።’ በቃ። ይቺው ናት።»

«እሺ፣ እሺ» አለ አብደላ።

አብደላ እሺ ሲል አይታመንም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሐይቅ ዳር እንደሱ ዓይነት ደግ ሰው የለም፤ የገዛ እግሩን የረገጠውን ሰው «አውፍ በለኝ፣ እግሬን መንገድህ ላይ ረስቼው ነው» የሚል ሰው ነው። ይሉኝታ ሲታደል ሁለት እጁን ዘርግቶ የተቀበለ ነው። ደብዳቤውን ሐይቅ ከተማ ወጥቶ ጻፈው፤ ፎቶውን እዚያው ፎቶ ቤት አሳጠበው፤ በፖስታ አሸገና ለውጫሌ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቶ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠበቁ፣ መልስ የለም። ረቡዕም የለም። ፈዲላ «ደውል» ስትለው፣ «መቻኮል ነውር ነው፤ ሰዎቹ እያዩት ይሆናል» ይላታል።

እንግዲህ ሐሙስ ጧት የሆነው ይህ ነው። ፈዲላ ትንሹን ኢምፔለር በፌስታል አሠረች፣ ሻርፗን አጥብቃ ጠመጠመች፣ ባሏን ሳትሰናበት ወጣች። ባጃጅ እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ሚኒባስ እስከ ውጫሌ። መንገዱን ሙሉ ለአብደላ የምትነግረውን ስታዘጋጅ ሄደች። አንዱን ስትጨርስ ሌላ ይመጣላታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን መጨረሻ ላይ አደረገችው፤ ለመዝጊያ ጥሩ ነው።

ውጫሌ መደብሩ በር ላይ ያየችው የመጀመሪያ ነገር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው፣ ከሒሳብ መቀበያው በላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን፣ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ወረቀት ነው። ጽሑፉን አወቀችው። የአብደላ እጅ ነው፤ በዐረብኛው አሊፍ ትምህርት የጀመረ ሰው አማርኛ ሲጽፍ እንደዚያ ወደ ጎን ያዘነብላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ካሊድ ደስ አለው። «እሱማ ከደንበኛ የመጣ ምስጋና ነው፣ እናቴ። ሰው እንዲያየው ብዬ ሰቀልኩት። ሰው ለመራገም እንጂ ለማመስገን መች ይጽፋል?»

ፈዲላ ተጠጋችና አነበበችው።

«ለተከበሩ ወንድማችን ለአቶ ዘይኑልአቢዲን። አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትዎ እንደምን ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባታችን በሞቱ ጊዜ የዋሉልንን ውለታ አላህ በጀነት ይክፈልዎ። ቅዳሜ የሸጣችሁልን ዕቃ በሰላም ደርሶናል፤ አላህ ይስጥልን፤ ጥርሱም ልክክ ብሎ ገብቷል። የቀድሞውን ዕቃ ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዘናል። እናንተ አዋቂዎች ስለሆናችሁ አይታችሁ ልባችሁ የፈቀደውን ብታደርጉ ደስታችን ነው፤ ባታደርጉም ቅሬታ የለንም። አላህ ንግዳችሁን ይባርክ፣ በራችሁ ሰው አይጣ። አብደላ፣ ከሐይቅ ዳር።»

እንዴ! እንዴ ያ ረቢ! «ለውጡልን» የሚለው ቃል የታለ? ሦስት ኢንች የታለ? ከብቶቻቸው ሳይቀሩ ተጠይቀው የራሱ ሽንኩርት አንዲት መስመር አላገኘችም! ከሥሩ ፎቶው ተለጥፏል። ደረሰኙ ደግሞ የለም። ዙሪያውን በመቀስ ተቆርጦ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ለምን እንዳስቆረጠው ማንም ሳይነግራት ገባት፤ ደረሰኙን ማሳየት ክስ መስሎበት ነው።

«ይሄ ምስጋና አይደለም» አለች ፈዲላ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አቤቱታ ነው!»

ካሊድ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። «የቱ ጋ?» አለ። በእውነት ጠፍቶት ነው የጠየቀው፤ አይፈረድበትም።

ፈዲላ ፌስታሉን ፈትታ ትንሹን ኢምፔለር ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። «የሸጣችሁልን የባለ ሁለት ኢንች ነው። ፓምፓችን ባለ ሦስት ነው። ለውጥልኝ።»

ካሊድ ብረቱን አንስቶ ከግድግዳው ፎቶ ጋር አስተያየው። «እናቴ፣ ይሄም ክብ ነው፣ ያም ክብ ነው። ይሄም አራት ክንፍ አለው፣ ያም አራት ነበረው። ፎቶ ላይ እኮ ትልቅና ትንሽ አይታወቅም። እኔ እንደማየው አንድ ናቸው።»

«መካኒኩ ለክቶ ነው የነገረን!»

«መካኒኩ አልመጣም። አሮጌውንም አላመጣችሁም።»

በዚህ መሃል ከጓሮው መጋዘን በር አንድ ሽበታም ሰው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ብቅ አለ። ዘይኑልአቢዲን ራሱ ነው፤ ከአዲስ አበባ የገባው ትናንት ማታ ነበር። «ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለ።

«ጋሼ ዘይኑ፣ እኔ የአብደላ ሚስት ነኝ፤ የዚያ የደብዳቤው» አለች ፈዲላ፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች። «ባሌ እርስዎን ማክበር ሲያበዛ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር ቀረ። እኔ ልናገር። ሽንኩርቴ እየሞተ ነው። ያልሆነ ዕቃ ነው የተሰጠን። እሱም ሲገዛ ኢንቹን አልተናገረም፤ እናንተም ስትሸጡ አልጠየቃችሁም። ጥፋቱን እኩል እንካፈለው፤ ዕቃውን ግን ይለውጡልኝ።»

ዘይኑልአቢዲን እንደዚህ በቀጥታ የሚናገር ደንበኛ ካየ ቆይቷል መሰለኝ፣ ጨርቁን አስቀመጠ። ፈዲላ ስልኳን አውጥታ የራሷን ፎቶ፣ ያልተቆረጠውን፣ አሳየችው።

«ይሄ ከሥሩ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?»

«የናንተው ደረሰኝ። ሁለቱም ባንድ ፎቶ ይግቡ ብዬ ነው ላዩ ላይ ያስቀመጥኩት።»

ሽማግሌው ስልኩን አየ። ከዚያ የደረሰኝ ጥራዙን ከመሳቢያ አወጣ፣ አንድ ባዶ ገጽ ገለጠ፣ ትንሹን ኢምፔለር መሃሉ ላይ አስቀመጠው። ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ጣት የሚያስገባ ነጭ ወረቀት ተረፈ። ፎቶው ላይ ግን አሮጌው ብረት ደረሰኙን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሸፍኖታል፤ በግራ የመደብሩ ስም የመጀመሪያ ፊደል እንኳ ከሥሩ ተውጧል።

«ና እይ» አለው ካሊድን። «ጥራዙ ያው ጥራዝ ነው። የትኛው ነው የሚሰፋው?»

ካሊድ ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ቀላ። «ባለ ሦስት ነው» አለ።

«ስጣት።»

ካሊድ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። «የለም፣ ጋሼ። የመጨረሻውን ማክሰኞ ሸጥኩት። አንድ የሮቢት ገበሬ ወሰደው።»

ማክሰኞ! ደብዳቤው የገባው ሰኞ ከሰዓት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዕቃው መደርደሪያው ላይ፣ ደብዳቤው ግድግዳው ላይ፣ ፊት ለፊት ተያይተው ዋሉ። ፈዲላ በአጠገቧ ያገኘችው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ቁጣው ሁሉ ወጥቶ አለቀና እንባ ብቻ ቀረላት፤ እሱንም በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው።

«አዲስ መቼ ይገባል?» አለች።

«በሳምንት፣ ኢንሻአላህ።»

«ከሳምንት በኋላ ለማን?»

ዘይኑልአቢዲን ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ሄደ። ደብዳቤውን አሁን ገና ነበር የሚያነበው፤ መነጽሩን አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከሰላምታው እስከ ምርቃቱ። «በራችሁ ሰው አይጣ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «አባቱን ደህና አድርጌ አውቃቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደዚሁ ነበሩ። እህል ተበድሬ ስመልስ ‘ስለመለስክልኝ ይቅርታ’ ይሉኝ ነበር» አለ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና በር ላይ ለማሳያ የቆመውን አዲስ ባለ ሦስት ኢንች ፓምፕ በአገጩ አመለከተ።

«ካሊድ፣ ቁልፍ አምጣ። እሱን ፍታው።»

«አዲሱን? ጋሼ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ፓምፕ ማን ይገዛናል?»

«በሳምንት ሲገባ እንሞላዋለን። ሽንኩርት ሳምንት አይጠብቅም። ፍታ ብዬሃለሁ!»

ካሊድ እያጉረመረመ አራቱን ብሎኖች ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ኢምፔለሩን በእንጨት መታ አድርጎ አዙሮ አወጣው። ዘይኑልአቢዲን ራሱ ተቀብሎ ደረሰኙ ላይ አስቀመጠው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላው። በጥራዙ ውስጥ በቀረው የቅዳሜው ደረሰኝ ቅጂ ላይ «በባለ ሦስት ኢንች ተለውጧል» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። «እህቴ፣ ለአብደላ ሰላም በይልኝ። ሌላ ጊዜ ግን አንቺ ጻፊ» አላት።

ፈዲላ አመስግና ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ብረቱን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ሌላ ንዴት ያዛት፤ እንዲያውም የባሰ። እውነቱን ያስረዳው የሷ ፎቶ ነው፤ ይህ ጥያቄ የለውም። አዲሱን ፓምፕ ያስፈታው ግን የዚያ ሰውዬ ምርቃት ነው። ቤት ደርሳ ይህን ብትነግረው ዕድሜ ልኩን ላይጽፍ ነው «ለውጡልን» የሚል ቃል! እንዲያው ምን ይደረጋል እንዲህ ያለ ባል!

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንዱ ገጥሞ ጨረሰ። ሞተሩ ተነሳ። የሸራው ቱቦ መጀመሪያ ተርገፈገፈ፣ ቀጥሎ ወፈረ፣ ተወጠረ፤ ውሃው ዳገቱን ይዞ ሽቅብ ሄደና የላይኛው ቦይ ውስጥ ተንዶለዶለ። ወንዱ «ይኸው!» ብሎ አጨበጨበና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

አብደላ መቆፈሪያውን ይዞ ውሃውን እየመራ፣ «ደብዳቤው ደርሷቸው ኖሯል?» አላት በጉጉት።

«ደርሷቸዋል። ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።»

ፊቱ በራ። «አላልኩሽም!»

«ምስጋና መስሏቸው ነው የሰቀሉት» አለች ፈዲላ። «ሰኞ ሲደርሳቸው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ነበር። የምንፈልገውን ስላልጻፍክ ማክሰኞ ለሌላ ሰው ሸጡት። ይሄን ከአዲስ ፓምፕ ሆድ አውጥተው ነው የሰጡኝ።»

አብደላ ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይኞቹ መደቦች ወጣ፤ እሷም ተከተለችው፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት መደቦች ውሃውን ስስስ እያሉ ጠጡ። ከሰባተኛው ጀምሮ ያሉት ግን ነገር ዓለሙ አልቆላቸዋል። አብደላ ከመጨረሻው መደብ አንዱን ሽንኩርት ነቀለ። ሳይታገል ወጣለት፤ ሥሩ እንደ ገለባ ደርቆ በእጁ ላይ ተሰባበረ። ሌላ ነቀለ፤ እሱም እንዲሁ።

«የኢንሳፍ እናት» አለ፣ በልጃቸው ስም እየጠራት።

«አቤት።»

«እነዚህን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ፈዲላ የቀረውን ጠበቀች። ኢንሻአላህ የለም፣ ምስኪኖች የለም፣ ቅሬታ የለንም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ያለ ደረቅ ቃል ከአፉ ወጥቶ ሰምታ አታውቅም። እጁ ላይ የተሰባበረውን ሥር እያየ ቆሟል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ስታሰናዳው የዋለችውን ነገር ብትፈልገው ብትፈልገው አንዲቱም ቃል ጠፋባት።

«አብሽር» አለችው በመጨረሻ፣ ሽንኩርቱን ከእጁ ተቀብላ። «አላህ የተሻለ ይተካዋል። ንግዳችሁን ይባርክ ብለህ መርቀህ የለም? ለኛም ይደርሰናል።»

ይህን ያለችው ራሷ መሆኗን ስታውቅ ደነገጠች። ከዚያ መቆፈሪያውን አንሥታ አስያዘችው።

«በል አሁን፣ ሰባተኛው ጋ ውሃውን ገድበው። ለሞተው እየፈሰሰ ነው።»